ማሳቂያው ቃል የት ይቀመጥ? ለጀማሪ የኮሜዲ ጸሐፊዎች የተደረገ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ! ኋላ ያላችሁ ትሰሙኛላችሁ? የማትሰሙ እጅ አውጡ። (አንድ ሰው እጁን አወጣ።) አንተ ወንድሜ፣ እጅ አውጡ ማለቴን ታዲያ በምን ሰማህ? (ሳቅ።)

ተመስገን፣ ሳቃችሁ። ስለ ቀልድ ሊያወራ የመጣ ሰው በመጀመሪያው ደቂቃ ካላሳቀ ቦርሳውን ይዞ ቢወጣ ይሻለዋል።

አዘጋጆቹ ሲደውሉልኝ "ስለ ኮሜዲ ትንሽ ንገረን" ነው ያሉት። ኮሜዲ ደግሞ ሰፊ ነው። ስለዚህ ከአሁኑ ልንገራችሁ፣ ስለ ገጸ ባሕርይ አላወራም። ሃሳብ ከየት ይመጣል የሚለውንም አልነካም። የማወራው ስለ አንድ ጠባብ ነገር ነው። ጥሩ ቀልድ አላችሁ። ለጓደኛችሁ ካፌ ቁጭ ብላችሁ ስትነግሩት ሆዱን ይዞ ይስቃል። ያንኑ ቀልድ ስክሪፕት ላይ ትጽፉታላችሁ፣ ተዋናይ ያነበዋል፣ ዝም። ማንም አይስቅም። ምን ሆነ? ቀልዱ መንገድ ላይ ሞተ? አልሞተም። ብዙውን ጊዜ አንዲት ቃል ቦታዋን ስታለች፣ ወይም አንዲት ዝምታ ተረስታለች። በቃ ይኸው ነው።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ የሚያስቀው ቃል ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የት እንደሚቀመጥ። ሁለተኛ፣ የት ዝም እንደሚባል። ሦስተኛ፣ ሰው ከሳቀ በኋላ ምን እንደሚደረግ። የመጀመሪያው ላይ ቆይቼ እናገራለሁ፣ ምክንያቱም አማርኛ ተንኮሉን የሚሠራብን እዚያ ላይ ነው።

እንግዲህ አንደኛው። እስቲ አንድ ሰው ተነስቶ የአሮጊቷንና የአህዮቹን ቀልድ ይንገረን። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ብዙ አገር የሚነገር ቀልድ ነው። እሺ፣ አንተ። (አንድ ወጣት ተነስቶ ተናገረ።) እንዲህ አለ፦ "አንድ ወጣት መንገድ ላይ አህዮች የሚነዱ አሮጊት አገኘና፣ እንደምን አደሩ የአህዮች እናት ሲላቸው፣ እንደምን አደርክ ልጄ ብለው መለሱለት።"

ጨረሰ። ስንቶቻችሁ ሳቃችሁ? ፈገግ ያላችሁ አላችሁ። የሳቀ ግን የለም። ቀልዱ መጥፎ ነው? በጭራሽ። ይሄ ቀልድ በተለይ በአማርኛ ዕንቁ ነው። ለምን? እኛ አገር አንዲት አሮጊት መንገድ ላይ ያገኙትን ማንኛውንም ጎረምሳ "ልጄ" ይሉታል። ስድብ አይደለም፣ ፍቅር ነው። ስለዚህ ልጁ ሊቆጣ አይችልም። አሮጊቷ ሰላም ነው ያሉት። ምርቃት የመሰለ ስድብ ሰጥተው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ታዲያ ይሄን የመሰለ ቀልድ ለምን ከሸፈ?

"ልጄ" ከሚለው ቃል በኋላ ምን መጣ? "ብለው መለሱለት።" ሁለት ቃል። አድማጩ "ልጄ" ሲሰማ ሊስቅ አፉን ሊከፍት ነው። ግን ተናጋሪው ገና እያወራ ነው። እኛ ደግሞ ጨዋ ሕዝብ ነን፣ ሰው ሲናገር አናቋርጥም። ዓረፍተ ነገሩ እስኪያልቅ እንጠብቃለን። እስኪያልቅ ስንጠብቅ ሳቁ ቀዘቀዘ።

አያችሁ፣ አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። በላ፣ ሄደ፣ መለሰ፣ አለ፣ ነው፣ ነበር። ስለዚህ እኛ ምንም ካላደረግን የእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር የመጨረሻ ቃል፣ የሳቁ ወንበር የምለው ቦታ፣ ቀድሞ ተይዟል። የያዘውም አሰልቺ እንግዳ ነው፦ "ነው"። "አለ"። ከሁሉ የከፋው ደግሞ "አሉ ይባላል"። የአለቃ ገብረ ሃናን ቀልድ ስንነግር ስንቱን እንዲህ ገድለነዋል! ያ ሁሉ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ብልሃት ሲንደረደር ይመጣና መጨረሻ ላይ "አሉ ይባላል" የሚል ድንጋይ ይደርብበታል።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? ግሱን አስቀድማችሁ አስወጡት። ቦታውን ያስለቅቅ። አያቶቻችንም ይሄን ያውቁታል። "ምን ቢሉት ጥሩ ነው?" ይላሉ። "ምን ብትለው ደስ ይልሃል?" ይላሉ። ይሄ ዝም ብሎ ማጣፈጫ አይደለም፣ ሥራ አለው። "አለ" የሚለውን ግስ ከኋላ አንስቶ ወደ ፊት ያመጣዋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ንግግር ብቻውን ይቆማል። ሲያልቅ አለቀ።

አሁን እኔ ልንገራችሁ። በዝግታ ስሙኝ።

አሮጊቷ አህዮቻቸውን እየነዱ ይመጣሉ። አንድ ጎረምሳ ጓደኞቹን ጥቅሻ ሰጠና ባርኔጣውን አነሳ። "እንደምን አደሩ፣ የአህዮች እናት!" አሮጊቷ ቆሙ። ቀና ብለው አዩት። ምን ቢሉት ጥሩ ነው? "እግዚአብሔር ይመስገን... ልጄ።"

(ሳቅ።)

አሁን ሳቃችሁ። የምታውቁትን ቀልድ! ምን ለወጥኩ? "መለሱለት" ወጣ። "ልጄ" ብቻውን መጨረሻ ላይ ቀረ። ሌላም ነገር አለ። መጀመሪያ ላይ "የአህዮች እናት" የምትለዋን ረገጥ አድርጌ ነው የተናገርኩት፣ ብቻዋን፣ በደንብ እንድትሰማ። ምክንያቱም "ልጄ" የሚያስቀው "እናት" የምትለዋን ላስታወሰ ሰው ብቻ ነው። ያቺ ቃል ከተዋጠች ቀልዱ የለም፣ ሁለት ሰዎች ሰላም ተባባሉ፣ አለቀ። ጀማሪ ተዋንያን መጨረሻዋን ቃል ለማሳመር ይጨነቃሉ። እኔ ልምምድ ላይ የምጨነቀው ለመንደርደሪያዋ ነው። ሳቅ ሲጠፋ መጀመሪያ የምጠይቀው "እናት የምትለዋ ተሰምታለች ወይ?" ብዬ ነው።

ደግሞ ቅደም ተከተሉን ገልብጡትና እዩት። "ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።" ቃላቱ አንድ ናቸው። ሳቅ አለ? የለም። "ልጄ" መጀመሪያ ስትመጣ ተራ መጥሪያ ትሆናለች፣ ከዚያ "እግዚአብሔር ይመስገን" ሁሉን ያለብሳታል። መጥሪያ ቃል ደግሞ በአማርኛ ከግሱ በኋላ ሊቀመጥ ይችላል። እንዲህ ያሉ ቃላት ለቀልድ ጸሐፊ ሀብት ናቸው። "ልጄ"፣ "ጌታዬ"፣ "እትዬ"፣ "ወንድሜ"። ግሱን አልፈው መጨረሻ ላይ መቆም ይችላሉ።

አሁን አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ "የአህያዋስ ተረት?" እያላችሁ ነው። ልክ ናችሁ። "እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ።" ይሄኛው "አለች" አለበት፣ ደግሞም ያስቃል። እንዴት? እስቲ የመጨረሻውን ቃል እዩት። "አህያ" ነው። አማርኛ በተለመደው ወጉ ቢሄድ "አህያ፣ እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች" ነበር የሚለው። ተረቱን የፈጠረው ሰው ግን የቋንቋውን ሥርዓት ሆን ብሎ ሰብሮ አህያዋን ከግሱ ኋላ አቆማት። ለምን? እዚህ ላይ የሚያስቀው ምን ተባለ የሚለው ሳይሆን ማን አለው የሚለው ስለሆነ ነው። ያንን የሚያህል ትዕቢት ሰምተን ንጉሥ ነው፣ ጀግና ነው ስንል፣ አህያ ሆና ተገኘች። ስለዚህ "አለ ሁልጊዜ ይውጣ" ብላችሁ እንዳትጽፉ። የሚያስቀው ነገር የቱ እንደሆነ ለዩና እሱን አሳልፋችሁ አስቀምጡት። ሌላው ከፊቱ ይሰለፍ።

እሺ። ይሄ ለተረት ነጋሪ ነው። እናንተ የምትጽፉት ድራማ ነው፣ ሰዎች እየተነጋገሩ ነው፣ "አለ" የሚባል ነገር የለም። ችግሩ ተፈታ? አልተፈታም። "ነው" አለ፣ "ነበር" አለ። አንድ ምሳሌ ከመጀመሪያው ረቂቅ እስከ መጨረሻው ላሳያችሁ።

ሃሳቡ ይህ ነው። አንድ ሰው ለቅሶ ቤት ከቤተሰቡ ሁሉ በላይ ያለቅሳል። ሰው ዘመድ መስሎታል። እሱ ግን ሟቹ ገንዘብ ተበድረውት ሳይከፍሉ ስለሞቱ ነው የሚያለቅሰው። ጥሩ ሃሳብ ነው። አሁን እንደ ሃሳብ ስነግራችሁ ግን አልሳቃችሁም። ልክ ናችሁ፣ ገና ቀልድ አልሆነም።

የመጀመሪያው ረቂቅ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይመጣል፦

ጎረቤት፦ ዘመድህ ናቸው እንዴ?
ሰውዬው፦ አይ፣ ዘመዴ እንኳን አይደሉም፤ ሃምሳ ሺህ ብር አበድሬያቸው ሳይመልሱልኝ ስለሞቱ ነው።

ቆጥሩልኝ። "ሃምሳ ሺህ ብር" ካለ በኋላ ስንት ቃል አለ? "አበድሬያቸው"፣ "ሳይመልሱልኝ"፣ "ስለሞቱ"፣ "ነው"። አራት። አድማጩ ሃምሳ ሺህ ሲሰማ ገብቶታል። የቀሩት አራት ቃላት የገባውን ነገር እንደገና እያስረዱት ነው። ሰው ደግሞ የገባውን ሲያስረዱት አይስቅም፣ ይናደዳል።

ታዲያ እንቁረጠው። "አይ፣ ሃምሳ ሺህ ብር አበድሬያቸው ነበር።" ተሻለ። አሁንም ግን "አበድሬያቸው ነበር" ኋላ ቀርቷል። ሙሉ በሙሉ ብንቆርጠውስ? "ዘመድህ ናቸው እንዴ?" "ሃምሳ ሺህ ብር።" ይሄ ደግሞ አይገጥምም። ዘመድህ ናቸው ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ አዎ ወይም አይ ነው። ሃምሳ ሺህ ብር አዎ ነው ወይስ አይ? አድማጩ ግራ ይገባዋል፣ ግራ የገባው ሰው አይስቅም።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ጸሐፊ ተስፋ ቆርጦ ወደ ረጅሙ የሚመለሰው። መልሱ ላይ ሲታገል ይውላል። እኔ የምለው፣ መልሱን ተዉት፣ ጥያቄውን ቀይሩት። ለቅሶ ቤት ሰው የማያውቀውን ለቀስተኛ ምን ብሎ ነው የሚጠይቀው? "ምንህ ናቸው?" ነው የሚለው። ሁላችሁም ተጠይቃችኋል። አጎቴ ናቸው፣ የክርስትና አባቴ ናቸው፣ ጎረቤቴ ናቸው። "ምንህ" የሚለው ቃል ባዶ ቦታ ትቶ ይጠብቃል። እዚያ ቦታ የሚገባው የዝምድና ስም ብቻ ነው። እኛ ምን እናስገባበታለን?

ጎረቤት፦ አይዞህ ወንድሜ፣ አይዞህ። ለመሆኑ ምንህ ናቸው?
ሰውዬው፦ ሃምሳ ሺህ ብር።

(ሳቅ።)

"ናቸው" እንኳን የለም። ለምን አያስፈልግም? ጥያቄው ውስጥ ስላለ። ጎረቤቱ ግሱን ተሸክሞልናል። ሰውዬው ሦስት ቃል ብቻ ተናገረ፣ የመጨረሻዋም "ብር" ናት። ብድር የሚል ቃል የለም፣ ዕዳ የሚል ቃል የለም። ታሪኩን አድማጩ ራሱ ጨረሰው። ሳቅ ማለት ደግሞ አድማጩ ራሱ የጨረሰው ዓረፍተ ነገር ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይደለም።

አሁን ወደ ኋላ እንመለስና መንደርደሪያውን እንሥራ። ሰውዬው ሲያለቅስ ምን እያለ ነው የሚያለቅሰው? ዝም ብሎ "ወይኔ ወይኔ" ማለት ይችላል። ግን ዕድሉን ማባከን ነው። እዚህ ላይ አንዲት ዘር መቅበር ይቻላል። "ወይኔ ጋሼ! ምነው ትንሽ ቢቆዩ!" ይበል። ይሄ የማንም ሰው ለቅሶ ነው፣ ማንም አይጠረጥርም። ግን ደካማ ነው፣ በኋላም አይታወስም። "ምነው እስከ ሰኔ 30 እንኳን ቢቆዩ!" ብንለውስ? ኧረ በጣም በዛ። ቀን ቆርጦ የሚያለቅስ ሰው የለም። አድማጩ "ይሄ ሰውዬ የሆነ ሒሳብ አለው" ይልና ሃምሳ ሺህ ሲመጣ ቀድሞ ደርሶ ይጠብቀናል። መካከለኛው የቱ ነው? "ምነው ክረምቱ እስኪገባ እንኳን ቢቆዩ!" ይሄ ተራ ሐዘን ይመስላል። ሃምሳ ሺህ ብር ከተሰማ በኋላ ግን ነገሩ ይዞራል። ክረምት ሳይገባ ሊከፍሉት ነበር ማለት ነው። ያንን የሚያስታውስ ሰው ሁለተኛ ይስቃል። የማያስታውስም ምንም አልጎደለበት።

ዘር እንዴት እንደሚቀበር መለኪያው ይህ ነው፦ መጀመሪያ ስትሰማ ምንም ልትጠረጠር አይገባም፣ ሁለተኛ ስትታሰብ ግን ሌላ ነገር ማለት አለባት። ጓደኛችሁን አንብቡለትና ዘሯ ላይ ስትደርሱ ዓይኑን እዩት። ቅንድቡ ከተነሳ በዛ።

ደግሞ አላለቀም። ሰው ሃምሳ ሺህ ብር ላይ ሳቀ እንበል። ጎረቤቱ እስካሁን ትከሻውን ይዞ እያጽናናው ነው። ምን ይበል? ብዙ ጸሐፊ "ውይ፣ ታዲያ ገንዘቡን ማን ሊከፍልህ ነው?" ያስብለዋል። ይሄ ማስረዳት ነው። እኔ እንዲህ ነው የምጽፈው፦

ጎረቤት፦ ያንተንም?

(ረጅም ሳቅ።)

አንዲት ቃል። መጨረሻዋ ላይ ያለችውን "ም" አያችኋት? ሥራውን ሁሉ የሠራችው እሷ ናት። "ያንተን?" ቢል ምንም አይደለም። "ያንተንም?" ሲል ግን እሱም አበድሯል፣ እሱም እስካሁን ያለቀሰው ለገንዘቡ ነው፣ ምናልባትም ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ እንደዚያው ነው። ተዋናዩ ታዲያ "ም"ን ከዋጣት ጉድ ፈላ። ስክሪፕቱ ላይ አስምሩባት።

ወደ ሁለተኛው ልሂድ። ዝምታ።

ልጅ ሆኜ እኛ ቤት ቀልድ አዋቂዋ አክስቴ ነበረች። ቡና ላይ ነው የምታወራው። ሰፈሩ ሁሉ ይሰበሰባል። ቀልዷን ስታወራ ስታወራ ትመጣና ልክ ማሳቂያው ላይ ስትደርስ ስኒውን አንስታ እፍ ትላለች። እፍ። ከዚያ የመጨረሻዋን ቃል ትናገርና ፉት ትላለች። ቤቱ ይፈርሳል። እኔ ቡናው ስለሚያቃጥላት ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ግን አጠገቧ ተቀምጬ ስኒዋን ነካሁት። በረዶ ነው! በረካው ራሱ ከቀዘቀዘ ቆይቷል። እሷ ግን እፍ ትላለች።

ያቺ እፍ ስንት ሰከንድ ናት? ግማሽ ሰከንድ ብትሆን ነው። ሰው ሁሉ አፏን የሚያይበት ግማሽ ሰከንድ። ሌላም ጥቅም አላት፦ ዝምታው ምክንያት አለው። ተዋናይ ያለ ምክንያት ዝም ሲል "አሁን ቀልድ ላወራ ነው" ብሎ ደወል እንደ መደወል ነው። ስኒ ላይ እፍ ሲል ግን ቡና እየጠጣ ነው። ስለዚህ ስክሪፕት ላይ "ቆም ይላል" ብላችሁ ብቻ አትጻፉ። የሚያደርገውን ነገር ስጡት። መነጽሩን ያውልቅ፣ አፍንጫውን ይጥረግ። የለቅሶ ቤቱ ሰውዬ "ምንህ ናቸው?" ሲባል አፍንጫውን በነጠላው ይጥረግ። ከዚያ "ሃምሳ ሺህ ብር"።

እኔ ስክሪፕቴ ላይ ሁለት ምልክት ብቻ ነው የምጠቀመው። አንድ ጭረት ግማሽ ሰከንድ ነው፣ አንድ ትንፋሽ። ሁለት ጭረት አንድ ሰከንድ ተኩል ያህል ነው። ኮማ ወይም ነጠላ ሰረዝ አላምንም፣ ተዋናይ ይዘለዋል። ሁለት ጭረት ደግሞ በአንድ ገጽ ከአንዴ በላይ ካያችሁ አንዱን አጥፉት። ዝምታ ሲበዛ ይረክሳል።

የት አይገባም? ማሳቂያው ራሱ ውስጥ አይገባም። "ሃምሳ / ሺህ ብር" ብትሉ አለቀ። አድማጩ "ሃምሳ" ላይ መገመት ይጀምራል። ሃምሳ ምን? ሃምሳ ዓመት ያውቃቸዋል? ግምት ጀመረ ማለት አመለጣችሁ ማለት ነው። ዝምታው ከፊት ይሁን፣ ማሳቂያው ግን በአንድ ትንፋሽ ይውጣ።

ረጅም ዝምታ የሚሠራበት ቦታም አለ። ጃክ ቤኒ የሚባል አሜሪካዊ የሬዲዮ ኮሜዲያን ነበር። በሬዲዮ የሚጫወተው ገጸ ባሕርይ ለዓመታት በስስት የታወቀ ነው፣ ሳንቲም ከእጁ አይወጣም። በ1948 እ.ኤ.አ. በተላለፈ አንድ ዝግጅት ሌባ መንገድ ላይ ያስቆመዋል። "ገንዘብህን ወይስ ሕይወትህን?" ዝም። ስቱዲዮ ውስጥ ያለው ሰው መሳቅ ጀመረ። ዝም። ሌባው ተናደደ፦ "ስማ እንጂ፣ ገንዘብህን ወይስ ሕይወትህን አልኩህ!" ያን ጊዜ ቤኒ "እያሰብኩበት ነው!" አለ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ሰው የሳቀው ቤኒ ምንም ሳይናገር ነው። ዝምታው ራሱ መልስ ነበር። ያ የሆነው ግን አድማጩ ስስታምነቱን ለዓመታት ስላወቀ ነው። አድማጭ የማያውቀው ገጸ ባሕርይ እንዲህ ዝም ቢል መስመሩን ረስቶ ነው የሚመስለው። ሁለተኛ፣ ሌባው ለምን ደገመ? ሬዲዮ ስለሆነ። ሬዲዮ ላይ ዝምታ ሲረዝም አድማጭ ጣቢያው የተቋረጠ ይመስለዋል፣ ሬዲዮኑን መታ መታ ያደርጋል። የሌባው ድጋሚ ጥያቄ "አለን፣ አልጠፋንም፣ ሰውዬው አሁንም ዝም ብሏል" ይላል። ለሬዲዮ የምትጽፉ፣ ረጅም ዝምታ ስትፈልጉ ሌላ ሰው ያቋርጠው። ወይም የሚሰማ ነገር ይኑር፣ የስኒ ድምፅ፣ የሳል ድምፅ።

ስለ ማንበብ ካነሳን አንድ ነገር ጣል ላድርግ፣ ከሦስቱ ውስጥ አልነበረም። ጽሑፋችን የሚጠብቅና የሚላላ ድምፅ አይለይም። አንድ ጊዜ ልምምድ ላይ ይሄ መጣ፦

አባት፦ ጫማውን ለገና እገዛልሃለሁ አልኩ እኮ።
ልጅ፦ አባዬ፣ ዛሬ ገና ነው!
አባት፦ አዎ፣ ገና ነው።

ልጁ በዓሉን ነው የሚለው፣ "ን" ይጠብቃል። አባትየው ደግሞ ጊዜው አልደረሰም ነው የሚለው፣ "ን" ይላላል። ወረቀቱ ላይ ግን ሁለቱም አንድ ናቸው። ተዋናዩ ሁለቱንም አጥብቆ አነበበው። አባትየው በዓሉን አመነ፣ ጫማው ሊገዛ ነው፣ ሁላችንም ደስ አለን። ሳቅ ግን የለም። ጸሐፊው ጥግ ላይ ተቀምጦ ቀላ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ቃል ሲመጣ ጎኑ ላይ "ጠብቆ"፣ "ላልቶ" ብዬ እጽፋለሁ። ተዋናይ ይገባዋል ብላችሁ አትለፉት። በመጀመሪያ ንባብ የቀልዱን መጨረሻ አያውቀውም።

ሦስተኛው አጭር ነው። ሳቅ ከመጣ በኋላ።

ሳቅ ሲጀምር ዝም በሉ። ግልጽ ይመስላል፣ ግን አዲስ ተዋናይ ይደነግጣል። ሰው ሲስቅ ቀጣዩን መስመር ይናገራል፣ ተመልካቹም እንዳያመልጠው ብሎ ሳቁን ያቆማል። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ከተደረገ ተመልካቹ ይማራል፣ "እዚህ ትያትር ላይ መሳቅ ያስቀጣል" ይልና ይተወዋል። በሌላ በኩል ሙሉ በሙሉ ዝም እስኪል መጠበቅም ስህተት ነው። ሳቅ ይወጣል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ መውረድ ይጀምራል። መውረድ ሲጀምር ግቡ። ጸሐፊው ምን ያግዛል? ከማሳቂያው ቀጥሎ ያለው መስመር ላይ አስፈላጊ ነገር አያስቀምጥም። "ያንተንም?" ካለ በኋላ ወዲያው የሟቹ ልጅ "ኑዛዜው ተገኘ!" ብሎ ቢገባ ማንም አይሰማውም፣ ቀጣዩ ትዕይንት ደግሞ ያለ ኑዛዜ አይገባም። በመሐል የሚጠፋ መስመር ስጡ። "አይዞህ" ይበል። "ውሃ አምጡለት" ይበል። ቢሰማም ባይሰማም ምንም አይጎድልም።

ካልሳቁስ? ብዙ ጊዜ የምጠየቀው ይሄን ነው። ካልሳቁ የሚጠፋውን መስመር ወዲያው ተናገሩና ቀጥሉ። አትጠብቁ። ሳቅ እየጠበቀ የቆመ ተዋናይ ተመልካቹን ያሳቅቃል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ጥሩ ቀልድ ሳይቀር ይወስድበታል። "ውሃ አምጡለት" ብሎ ካለፈ ግን ቀልድ እንደነበረ ያወቀ የለም። በዚያ ምሽት የት እንዳልሳቁ ስክሪፕቱ ዳር ላይ ምልክት አድርጉ። በማግስቱም እዚያው ቦታ ካልሳቁ ችግሩ ወረቀቱ ላይ ነው። አንድ ቀን ስቀው አንድ ቀን ካልሳቁ ግን ወረቀቱን አትንኩ፣ ተዋናዩን አነጋግሩት። ምናልባት አፍንጫውን መጥረግ ረስቶ ይሆናል።

ሬዲዮ ላይ ደግሞ ተመልካች የለም። አድማጩ ታክሲ ውስጥ ብቻውን ነው የሚስቀው። ለእሱም ቢሆን ከማሳቂያው በኋላ አንድ ጭረት፣ ግማሽ ሰከንድ፣ ተዉለት። ከዚያ በላይ አትስጡ፣ ያልሳቀው ሰው "ምን አመለጠኝ?" ማለት ይጀምራል።

የያዛችሁትን ገጽ አውጡ። እያንዳንዱ ቀልድ መጨረሻ ላይ ያለውን ቃል አክብቡት። "ነው"፣ "ነበር"፣ "አለ" ላይ ያረፈ ክብ ስንት እንዳላችሁ ቆጥሩና ከፊት ረድፍ ጀምረን እያነበብን እንሥራቸው። እሺ እህቴ፣ ካንቺ እንጀምር፣ ማይኩን ስጧት።